የግማሽ ሰዓት እንቅልፍ፦ ሕፃናት ቀን ላይ ለምን ቶሎ ይነቃሉ?

ከ3 እስከ 6 ወር ዕድሜ ያላቸው ብዙ ሕፃናት ቀን ላይ በተኙ በ30 ወይም በ40 ደቂቃ ውስጥ ዐይናቸውን ይገልጣሉ። ሰዓት ተይዞ ቢታይ የዛሬው እንቅልፍ ከትናንቱ የሚለየው በሁለትና በሦስት ደቂቃ ነው። ሌሊት አራትና አምስት ሰዓት ሳይነቃ የሚያድር ሕፃን እንኳ ቀን ላይ ከዚህች ግማሽ ሰዓት ላያልፍ ይችላል። መደጋገሙ ራሱ ምክንያቱን ይጠቁማል። የሚቀሰቅሰው ረሃብ፣ ጫጫታ ወይም የሆድ ቁርጠት ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን በ10 ደቂቃ፣ ሌላ ቀን በአንድ ሰዓት ይነቃ ነበር። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ የሚያነቃው የእንቅልፉ የራሱ አሠራር ነው።

እንቅልፍ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው አንድ ወጥ አይደለም። ይህ በግልጽ የታወቀው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ነገሩ የተጀመረውም ከሕፃናት ነበር። ዩጂን አሰሪንስኪ የተባለው ተማሪ በመምህሩ በናትናኤል ክላይትማን ምክር የተኙ ሕፃናትን ዐይን ሲከታተል፣ ከተዘጋው ቆብ ሥር ዐይናቸው ለጥቂት ጊዜ ይንቀሳቀስና መልሶ ጸጥ እንደሚል አየ። ሁለቱ ሰዎች በ1953 በአዋቂዎች ላይ ያገኙትን አሳተሙ። በ1955 ደግሞ በሕፃናት ላይ የታየው የእንቅስቃሴና የጸጥታ ዙር በየ50 እና 60 ደቂቃው እንደሚመላለስ ጻፉ። የአዋቂ ሰው ዙር ወደ 90 ደቂቃ ይጠጋል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁለት ዓይነት እንቅልፍ ብቻ አለው። በአንደኛው፣ ንቁ እንቅልፍ በሚባለው፣ ሕፃኑ ያቃስታል፤ ፈገግ ይላል፤ ፊቱን ያኮማትራል፤ እጅና እግሩን ያወራጫል፤ አተነፋፈሱም አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዝግ ይላል። ዐይኑን ገርበብ አድርጎ አጭር ለቅሶ ሊያሰማም ይችላል፤ ግን ተኝቷል። በሁለተኛው፣ በጸጥተኛው እንቅልፍ፣ አካሉ ይረጋል፤ አተነፋፈሱ አንድ ልክ ይሆናል፤ እጁ ቢነሣ ተመልሶ ዱብ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለቱ እኩል ለእኩል ይሆናሉ፤ ሕፃኑም እንቅልፍ የሚገባው በንቁው በር ነው። በክንድ ላይ የተኛ የሚመስል ሕፃን አልጋው ላይ ገና ሲነካ የሚባንነው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ገና ከባዱ እንቅልፍ ላይ አልደረሰም።

ሦስት ወር አካባቢ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ሕፃኑ እንደ አዋቂ በጸጥተኛው በኩል መግባት ይጀምራል፤ ይህም እንቅልፍ በየደረጃው እየከበደ ይሄዳል። ቶሎ ጭልጥ ብሎ ይተኛል፤ ግማሽ ሰዓት ሲጠጋ ግን እንቅልፉ ይሳሳል፤ አንጎሉ ከከባዱ ወደ ቀላሉ ይወጣል። በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ለአፍታ መንቃት ያለና የተለመደ ነው። አዋቂም በየሌሊቱ ደጋግሞ ይነቃል፤ ይገላበጣል፤ ብርድ ልብሱን ይስባል፤ ጠዋት ግን አያስታውሰውም። ስለዚህ የእናት ጥያቄ ሕፃኑ ለምን ነቃ ሳይሆን፣ ከነቃ በኋላ ለምን ተመልሶ አልተኛም የሚለው ቢሆን ይሻላል።

ሌሊት የሚያልፈው መሸጋገሪያ ቀን ለምን ያዳግታል?

የእንቅልፍ ተመራማሪው አሌክሳንደር ቦርቤሊ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው ማብራሪያ መሠረት እንቅልፍን የሚያስተዳድሩት ሁለት ኃይሎች ናቸው። አንዱ ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር የሚጠራቀም፣ ሲተኛ ደግሞ የሚቃለል የእንቅልፍ ጫና ነው። ሌላው ከብርሃንና ከጨለማ ጋር የተቆራኘው የአካል ውስጣዊ ሰዓት ነው። ሌሊት ሁለቱ ይተባበራሉ፤ ጫናው የቀኑን ሙሉ ድካም ይዟል፤ ውስጣዊው ሰዓትም ለእንቅልፍ ያደላል። ቀን ግን ሰዓቱ ለንቃት ስለሚሠራ ሕፃኑ ያለው ጫናው ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ነቅቶ ያጠራቀመው ጫና ደግሞ በመጀመሪያው ከባድ እንቅልፍ ውስጥ አብዛኛው ይወጣል። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ወደ ሁለተኛው ዙር የሚጎትተው ነገር እምብዛም አይቀርም።

በዚህ ላይ የቀን እንቅልፍ ከሌሊቱ ዘግይቶ ይበስላል። መጀመሪያ የሌሊቱ ይረዝማል፤ ከዚያ የረፋዱ፣ ቀጥሎ የቀትሩ። የቀኑ እንቅልፍ መርዘም የሚጀምረው በአብዛኛው ከ5 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የሦስት ወር ሕፃን 35 ደቂቃ ተኝቶ ቢነቃ የሚስተካከል ጥፋት የለም፤ ዕድሜው ነው። በዚህ ዕድሜ አጭር እንቅልፍን ለማስረዘም ሲባል ቤተሰቡ ቀኑን ሙሉ መጨነቁ ብዙም ፍሬ አያስገኝም። አመሻሽ ላይ የሚመጣው የመጨረሻው እንቅልፍ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ አጭር ነው፤ ሥራውም ሕፃኑን እስከ ማታ ማድረስ ብቻ ነው። ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ዕድሜ ሲሰላ መነሻው የተወለደበት ሳይሆን ሊወለድ የነበረበት ቀን ነው። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የ6 ወር ሕፃን በእንቅልፉ እንደ 4 ወር ልጅ ይቆጠራል።

አጭር እንቅልፍ ችግር መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ከሰዓት ይልቅ ፊት ማየት ይበጃል። ሕፃኑ ሲነቃ ዐይኑ ፈክቶ፣ እጁን እየተመለከተ፣ ሰው ሲያይ ፈገግ ካለና እስከሚቀጥለው እንቅልፍ ደኅና ከቆየ፣ 30 ደቂቃው በቅቶታል። እያለቀሰ ከነቃ፣ ዐይኑን ካሻ፣ ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ማዛጋትና መነጫነጭ ከጀመረ ግን ዙሩ መሃል ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። የቀንና የሌሊቱ ድምርም ይታያል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ከ4 እስከ 12 ወር ላሉ ሕፃናት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል፤ የቀኑም በዚህ ውስጥ ይካተታል። ክልሉ ሰፊ የሆነው ሕፃናት ስለሚለያዩ ነው፤ የጎረቤትን ልጅ መለኪያ ማድረግ የማያዋጣውም ለዚሁ ነው።

እንዴት እንደተኛ፣ እንዲሁ ይነቃል

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሕፃናት ሥነ አእምሮ ሐኪሙ ቶማስ አንደርስ የሕፃናትን ሌሊት በቪዲዮ ካሜራ ይቀርጽ ነበር። ቀረጻዎቹ ያሳዩት፣ ወላጆቻቸው «ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል» የሚሏቸው ሕፃናትም ይነቁ እንደነበር ነው። ልዩነቱ ከነቁ በኋላ ነበር፤ አንዳንዶቹ አልቅሰው ሰው ይጠሩ ነበር፤ ሌሎቹ ዙሪያቸውን ቃኝተው፣ እጃቸውን ጠብተው መልሰው ይተኙ ነበር። ከዚህ መሠል ጥናቶች የተወሰደው ዋና ነጥብ፣ ሕፃን እንቅልፍ ሲወስደው የነበረውን ሁኔታ ሲነቃም ይፈልገዋል የሚል ነው። በጡት ላይ የተኛ ጡት ይፈልጋል፤ በጀርባ ላይ የተኛ ጀርባ ይፈልጋል። አዋቂም ቢሆን መኝታ ቤቱ ተኝቶ ሳሎን ወለል ላይ ቢነቃ፣ ተገላብጦ ሳይሆን ተነሥቶ ምን እንደተፈጠረ ያጣራል።

በኢትዮጵያ ቤቶች ይህ ጉዳይ የራሱ መልክ አለው። ሕፃን በአንቀልባ ወይም በነጠላ ታዝሎ፣ እሹሩሩ እየተባለ ይተኛል። እስከታዘለ ድረስ መሸጋገሪያው ብዙ ጊዜ አያስቸግረውም። ሲነቃ ያው ሙቀት፣ ያው ንዝረት፣ ያው ትንፋሽ አለ፤ አዛዩም ሳያስበው ወዝወዝ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ጀርባ ላይ ሁለት ሰዓት የሚተኛ ሕፃን አልጋ ላይ ግማሽ ሰዓት የማይደፍነው። በመታዘሉ ምንም ክፋት የለም፤ ሕፃኑ ከአራት ወር በታች ከሆነ፣ በቀን አንዱን እንቅልፍ ጀርባ ላይ ማስረዘም ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ነው። ፊቱ በጨርቅ አለመሸፈኑ፣ አገጩ ደረቱ ላይ አለመጣበቁና አፍንጫው ክፍት መሆኑ ግን ይታያል። ችግር የሚመጣው አዛዩ ሌላ ሥራ ሲኖረው ነው።

የሚመጣውም አንድ በታወቀ ወቅት ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወለደች በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 የሥራ ቀን ሲሆን፣ ያም ሲያልቅ ሕፃኑ አራተኛ ወሩ ገደማ ላይ ነው። የእንቅልፉ አሠራር በተቀየረበት ሰሞን ጡት ሰጥታ የምታስተኛው እናት ወደ ሥራ ትሄዳለች፤ አያት ወይም ሞግዚት በምትኳ ትቀመጣለች። ቤተሰቡ ለአጫጭሩ እንቅልፍ ሞግዚቷን ተጠያቂ ሲያደርግ ይሰማል። ብዙ ጊዜ እሷ የገጠማት ማንም ቢኖር ይገጥመው የነበረው ዕድሜ ነው።

ታቅፎ የተኛን ሕፃን ወደ አልጋ ስለማዛወር በጃፓን የሪከን የምርምር ተቋም በኩሚ ኩሮዳ የሚመራ ቡድን በ2022 (እ.ኤ.አ.) አንድ ጠቃሚ ጥናት አሳትሟል። በጥናቱ የሚያለቅስ ሕፃን ታቅፎ 5 ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ ሲሄዱበት ይረጋል፤ ብዙዎቹም ይተኛሉ። ሲዛወሩ የሚያነቃቸው ግን ጀርባቸው ፍራሹን መንካቱ ሳይሆን ከእናት አካል መላቀቃቸው ነበር። ከተኙ በኋላ እናት ተቀምጣ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ታቅፋ ስትቆይ እንቅልፋቸው ስለሚከብድ በሰላም የመዛወራቸው ዕድል ይጨምራል። ጥናቱ የተሠራው በ21 ሕፃናት ብቻ ስለሆነ እንደ ሕግ አይወሰድም። ያም ሆኖ ይህ የሚያቃልለው የእንቅልፉን መጀመሪያ ነው፤ በሠላሳኛው ደቂቃ የሚመጣውን መንቃት አይነካውም።

ለዚያ የሚረዳው ሕፃኑ ቢያንስ አንዱን እንቅልፍ በሚነቃበት ቦታ ላይ እንዲጀምር ማድረግ ነው። ይኸውም ታዝሎ ወይም ታቅፎ ዐይኑ እስኪከብድ ይቆይና፣ ሙሉ በሙሉ ሳይተኛ አልጋው ላይ በጀርባው ይጋደማል። እጅ ደረቱ ላይ ይደረጋል፤ ያው የለመደው እሹሩሩ በዝግታ ይቀጥላል፤ ሲረጋጋ እጁ ይነሣል። ካለቀሰ ይታቀፋል፤ ሲረጋ ተመልሶ ይጋደማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ ሦስትና አራት ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ሕፃንን ለብቻው ትቶ እስኪሰለቸው ማስለቀስ ለዚህ ጉዳይ የግድ አይደለም፤ በተለይ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አይመከርም።

ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው። ሕፃኑ ቶሎ ከተኛ ጫናው ለአንድ ዙር ብቻ ይበቃል፤ በጣም ከዘገየ ደግሞ ከመጠን በላይ ደክሞ በለቅሶ ይተኛል፤ እንቅልፉም ይቆራረጣል። በሕፃናት ዙሪያ የሚሠሩ ሰዎች በልምድ የሚጠቀሙበት ግምት፣ በ3 ወር ከአንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በ5 ወር ሁለት ሰዓት አካባቢ፣ በ7 ወር ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት መንቃት ነው። ይህ መነሻ እንጂ መመሪያ አይደለም። ከሰዓቱ ይልቅ ምልክቱ ይበልጥ ይታመናል፤ ሕፃኑ ፊቱን ከሰው ያዞራል፤ ዐይኑ ፈዝዞ አንድ ቦታ ይቀራል፤ ጆሮውን ይነካካል። ማልቀስ ላይ ከደረሰ ሰዓቱ አልፏል።

ክፍሉም ድርሻ አለው። ሌሊት ጨለማው የሚሰጠውን እርዳታ ቀን ወፍራም መጋረጃ በከፊል ይተካዋል፤ በመሸጋገሪያው ላይ ዐይኑን የገለጠ ሕፃን የሚያየው ነገር ባነሰ ቁጥር መልሶ የመተኛት ዕድሉ ይጨምራል። ድንገተኛ ድምፅ፣ ማለትም የበር መዘጋት፣ የድስት ክዳን፣ የመኪና ጥሩንባ፣ የሚጎዳው በዚሁ ቀላል እንቅልፍ ላይ ሲመጣ ነው። በዝቅተኛ ድምፅ የሚሠራ ማራገቢያ እነዚህን ይሸፍናል፤ ነፋሱ ግን ወደ ሕፃኑ አይዞርም።

አንድ ቀን በዝርዝር

ለማሳያ የ5 ወር ተኩል ሴት ልጅ ትወሰድ። ጠዋት 12፡30 ትነቃለች። ሞግዚቷ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ አዝላ ታስተኛትና አልጋ ላይ ታጋድማታለች፤ ሕፃኗም ከ2፡00 እስከ 2፡32፣ ከ4፡02 እስከ 4፡35፣ ከ6፡05 እስከ 6፡40፣ ከ8፡15 እስከ 8፡45፣ ከ10፡20 እስከ 10፡50 ትተኛለች። አምስቱም እንቅልፍ ሲደመር 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ማታ 1፡00 ላይ ትተኛለች፤ ለመጥባት የምትነቃበት ሲቀነስ ሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። ድምሩ ከ13 ሰዓት ስለሚበልጥ ልጅቱ እንቅልፍ አላጣችም። ግን በየመሃሉ እያለቀሰች ትነቃለች፤ ከሰዓት በኋላም ትነጫነጫለች።

ማስተካከያው የሚጀመረው ከመጀመሪያው እንቅልፍ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የሚበስለው እሱ ስለሆነ። አምስቱንም በአንድ ቀን መቀየር ሕፃኗንም ሞግዚቷንም ያደክማል፤ ብዙ ቤቶች በሦስተኛው ቀን የሚተዉትም ለዚህ ነው። ለሦስት ቀን እንቅልፉ ወደ 2፡15 ይገፋል፤ ከዚያ ወደ 2፡30። በጠባችበት አፍታ እንዳትተኛና ሆዷም ባዶ ሆኖ እንዳትነቃ፣ ወደ 2፡00 ገደማ የታለበ የእናት ወተት ይሰጣታል። ዳይፐሯ ይቀየራል፤ መጋረጃው ይዘጋል፤ ሞግዚቷ አዝላት አምስት ደቂቃ ትወዘውዛታለች፤ ዐይኗ ሲከብድ ታጋድማታለች።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውጤቱ አያምርም። አንድ ቀን እንደ ወትሮው 34 ደቂቃ፣ አንድ ቀን ደግሞ 20 ደቂቃ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዋናው ሥራ ያለው ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ነው። ሞግዚቷ ከ25ኛው ደቂቃ ጀምሮ በሩ አጠገብ ትሆናለች። ሕፃኗ ስትወራጭና ስታቃስት አትገባም፤ ንቁ እንቅልፍ ሊሆን ይችላልና። ቶሎ ከማንሣት የተነሣ ሕፃኑ ሳይነቃ የሚነቃበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ በብዛት የሚሠራው ስሕተትም ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠበቃል። ለቅሶው ካልጠነከረ ራሱ ሊበርድ ይችላል። ከጠነከረ ሳይወራ፣ መብራት ሳይበራ እጅ ደረቷ ላይ ይደረጋል፤ ካልበቃ ትታቀፋለች። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተኛች ግን እንቅልፉ አብቅቷል፤ መጋረጃው ተከፍቶ ጨዋታው ይጀመራል። ከዚያ በላይ መታገል ቀጣዩን እንቅልፍ ከማበላሸት በቀር አይረዳም። የቀሩት አራቱ እንቅልፎች እንደ ቀድሞው በጀርባም ይሁን በእቅፍ ይቀጥላሉ።

ዕድሜዋ ከደረሰ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ መታየት ይጀምራል። የመጀመሪያው እንቅልፍ ከ2፡30 እስከ 3፡45 ሲደርስ፣ ሁለተኛው ከ6፡00 እስከ 7፡00፣ ሦስተኛው ከ9፡20 እስከ 9፡55 ይሆናል፤ ማታም 12፡30 ላይ ትተኛለች። የቀኑ ድምር 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው፤ ከቀድሞው የሚበልጠው በ10 ደቂቃ ብቻ ነው። ልጅቱ ያተረፈችው ጠቅላላ ጊዜ ሳይሆን ያልተቆራረጠ እንቅልፍና በመሃሉ ረጅም የንቃት ጊዜ ነው። በሁለት ሳምንት ምንም ካልተለወጠ ሙከራው ቆሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደገማል።

የማይሞከሩ ነገሮች

ሕፃኑ እንዲረዝምለት ተብሎ ከስድስት ወር በፊት አጥሚት፣ የአብሽ ውኃ ወይም ገንፎ መስጠት ጥቅም የለውም። የቀኑን እንቅልፍ የሚቆርጠው የዙሩ መሸጋገሪያ ስለሆነ በሆድ መሙላት አይታለፍም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይመክራል። ለሳል ወይም ለአለርጂ የተሠራ፣ የሚያደነዝዝ ሽሮፕ ለማስተኛት መስጠት ደግሞ የሕፃኑን አተነፋፈስ ሊያዳክም የሚችል አደገኛ ነገር ነው።

በሆዱ የተኛ ሕፃን ከባድ እንቅልፍ ይተኛል፤ መሸጋገሪያውንም በቀላሉ ያልፋል። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ ትንፋሹ ሲታወክ የሚያነቃው ኃይልም አብሮ ይደክማል። በአሜሪካ ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ከተጀመረ በኋላ በእንቅልፍ ላይ የሚደርስ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል ቀንሷል። ስለዚህ ሕፃኑ የቀኑንም ሆነ የሌሊቱን እንቅልፍ የሚተኛው በጀርባው፣ ጠንከር ባለና ባልተጋደመ ፍራሽ ላይ ነው፤ ትራስ፣ ጋቢና ለስላሳ አሻንጉሊት ከአልጋው ይወጣሉ። መጠቅለል እጁን ከመወራጨት ስለሚይዝለት ለትንንሾቹ ይረዳል፤ ለመገላበጥ መሞከር ሲጀምር ግን ይቆማል። መኪና ውስጥ በመቀመጫው የተኛ ሕፃን እንቅልፉ እንዳይቋረጥ ተብሎ ቤት ገብቶም እዚያው አይተውም፤ አንገቱ ታጥፎ የአየር መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ጥፋት በውጭ አገር በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ፣ ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሲሆን፣ በቀላሉ ይፈጸማል።

አንዳንድ አጭር እንቅልፍ ከዙር ጋር ግንኙነት የለውም። ሕፃኑ ከዚህ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ይተኛ ከነበረና ድንገት መጋደም ከጠላ፣ ጆሮው ወይም አፍንጫው ታሞ ሊሆን ይችላል፤ ትኩሳት ካለው ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከጠባ በኋላ እየተንፈራፈረ የሚያለቅስ፣ ክብደት የማይጨምር፣ ሲተኛ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም የሚል፣ ወይም ለመቀስቀስ የሚያዳግት ሕፃን ሐኪም ሊያየው ይገባል። መጋረጃና ሰዓት ለእነዚህ መፍትሔ አይሆኑም።

ጤነኛው ሕፃን ግን ከ6 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ የአመሻሹን እንቅልፍ ይተዋል፤ የረፋዱና የቀትሩ ይቀራሉ፤ እያንዳንዳቸውም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይደርሳሉ። በዚህ ሽግግር ሰሞን ለጥቂት ቀናት ግማሽ ሰዓቷ ተመልሳ ልትመጣ ትችላለች፤ ያን ጊዜ የሚበጀው የማታውን መኝታ በሩብ ወይም በግማሽ ሰዓት ማስቀደም ነው። ከ15 እስከ 18 ወር አካባቢ ደግሞ የረፋዱም ይቀርና አንዱ የቀትር እንቅልፍ ብቻ ይቆያል።